600 ሰው ሞልቶልን፣ ቀመሩ 385 ይበቃል እያለ፣ ለምንድነው «ግቢውን አይወክልም» የተባልነው?

ቤቲ_ብሎክ12

ሰላም ለሁላችሁ። ከክፍል ጓደኛዬ ከዳጊ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጭቀን አልተግባባንም። እባካችሁ ገላግሉን።

ለአንድ ኮርስ የቡድን ሥራ ተሰጠን። ስለ ግቢያችን ካፌ ምግብ አጭር መጠይቅ አዘጋጀንና ሊንኩን በየባቹ የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅነው። «የፈለገ ይሙላ» ነው ያልነው። በአራት ቀን 600 ምላሽ መጣ። ከነዚህ ውስጥ 480ው «በካፌው ምግብ አልረካሁም» የሚለውን መርጠዋል። 80 በመቶ መሆኑ ነው። ዳጊ ወዲያው ርዕስ አወጣ፦ «80 በመቶ የግቢው ተማሪ በካፌው ምግብ እንደማይረካ ተረጋገጠ»። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልን «ተረጋገጠ» የምትለዋን ቃል ከበቧትና ከጎኗ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ። «ያልሞሉት 9,400ዎቹስ?» ግቢው ውስጥ ወደ 10,000 ተማሪ አለ።

ከዚያ ላውንጅ ቁጭ ብለን የተባባልነው ይኸው ነው። ምንም አልጨመርኩም።

ዳጊ፦ ቀመሩ እኮ 385 ይበቃል ይላል። እኛ 600 አለን።
እኔ፦ ቀመሩ 385ቱን ማን ይምረጣቸው ይላል?
ዳጊ፦ ቀመር ስለ ሰው ምን አገባው? ቁጥር ነው የሚያወራው።
እኔ፦ እሺ፣ የዶርምህ ልጆች ሞልተዋል?
ዳጊ፦ ከአምስቱ ሁለቱ። አንዱ ያ ምስር ውስጥ ድንጋይ ነክሶ ጥርሱን ያመመው ልጅ ነው። ሊንኩ ሲደርሰው ጫማውን እንኳን አላወለቀም፣ ቆሞ ነው የሞላው።
እኔ፦ ሌሎቹ ሦስቱስ?
ዳጊ፦ አንዱ ኖን ካፌ ነው። አንዱ «በኋላ» ብሎ ረሳው። አንዱ ደግሞ የሰጡትን ይበላል፣ ማታ ምን በላህ ብትይው አያስታውስም።
እኔ፦ የሰጡትን የሚበላው ልጅ 600ው ውስጥ የት አለ?
ዳጊ፦ የሱ ዓይነት ሌላ ሰው ሞልቶ ይሆናላ።
እኔ፦ የሱ ዓይነት ሰው ምን ብሎ ይሞላል? ግድ የለውም እኮ!

እዚህ ላይ ቆምን። ዳጊ አሁንም 600 ብዙ ነው ይላል። እኔ ስህተቱ ይሸተኛል፣ በቁጥር አሳዪኝ ስባል ግን አፌ ይያዛል።

ዳጊ_የቤቲ_ተከራካሪ

መጥቻለሁ። ስሜን ያጠፋችው በቂ ነው።

የኔ ነጥብ ቀላል ነው። ከእኛ በፊት የተመረቀ ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ የተጠቀመው የያማኔ ቀመር ይኸው፦

```
n = N / (1 + N × e²)
n = 10000 / (1 + 10000 × 0.05²) = 10000 / 26 ≈ 385
```

385 ያስፈልጋል፣ 600 አለን። ጥርሱን ያመመው ልጅ አንድ ነው። 600 ሰው በሙሉ ድንጋይ ነክሷል እንዴ?

በጎ_ልብ

በፈቃደኝነት ጊዜያቸውን የሰጧችሁን ሰዎች ማጣጣል ነውር ነው። እኔ ሦስት ዓመት በበጎ ፈቃደኝነት ሠርቻለሁ። ሳይከፈለው የሚያገለግል ሰው ይዋሻል ብላችሁ ነው?

ቤቲ_ብሎክ12

@በጎ_ልብ ኧረ አይደለም! ውሸታም ያለ ሰው የለም። ሁሉም እውነታቸውን ነው የሞሉት። ጥያቄው የነሱ እውነት ያልሞላውንም ሰው ይጨምራል ወይ ነው።

የቁጥር_ሰው

በመስክ መረጃ አሰባሰብ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቤቲ፣ የሸተተሽ ነገር ትክክል ነው። በቁጥር እናውጣው። ከዚህ በታች ያሉት የመላምት ቁጥሮች ናቸው፣ ግን 600 እና 480 የእናንተው ናቸው።

ሁለት ግቢ አስቡ። በመጀመሪያው ግቢ ያልረካው 8,000፣ የረካው 2,000 ነው። ሁለቱም ወገን ፎርም የመሙላት ልማዱ እኩል ነው፤ ከመቶ ስድስቱ ይሞላሉ። ካልረኩት 480፣ ከረኩት 120 ይመጣል። ድምር 600፣ 80 በመቶ አልረካም።

በሁለተኛው ግቢ ያልረካው 4,000 ብቻ ነው። ስድስት ሺው ቅሬታ የለውም። ነገር ግን የተናደደ ሰው ሊንክ ሲያይ ይጫናል፣ ያልተናደደ ያልፈዋል። ካልረኩት ከመቶ 12ቱ ሞሉ፣ 480። ቅሬታ ከሌላቸው ከመቶ 2ቱ ሞሉ፣ 120። ድምር 600፣ 80 በመቶ አልረካም።

አሁን እናንተ እጅ ላይ ያለው ፋይል የየትኛው ግቢ ነው? ፋይሉ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ ብታገላብጡት አይነግራችሁም። በሁለቱም ግቢ አንድ ዓይነት ነውና። አንዱ ግቢ ውስጥ አብዛኛው ሰው ቅር ብሎታል፣ ሌላው ውስጥ አብዛኛው ደህና ነው።

ዳጊ፣ ቀመሩ ላይ ቂም የለኝም። ቀመሩ ግን አንድ ነገር ቀድሞ ተሠርቷል ብሎ ነው የሚነሳው፤ 385ቱ ሰዎች በዕጣ ወጥተዋል ብሎ። እያንዳንዱ ተማሪ የመውጣት ዕድሉ የታወቀ ነው ብሎ። እናንተ ዕጣ አልጣላችሁም። ዕጣውን የጣለው ምስር ውስጥ ያለው ድንጋይ ነው።

ዳጊ_የቤቲ_ተከራካሪ

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አመመችኝ።

ግን እሺ፣ ሊንኩን ደግሜ ልለቀው። 1,200 ብናደርሰውስ? ብዙ ሰው ሲሞላ ስህተቱ አይቀንስም?

የቁጥር_ሰው

በሁለተኛው ግቢ ሞክረው። ያልረካው ሁለት እጥፍ ሞላ፣ 960። ሌላው ሁለት እጥፍ ሞላ፣ 240። አሁንም 80 በመቶ። እውነቱ ግን 40 ነው።

የሚቀንሰው ሌላው ስህተት ነው። ኮምፒውተሩ ለ600 ሰው «80፣ ወደላይ ወደታች 3 ነጥብ» ይልህ የነበረው፣ ለ1,200 ሰው «ወደላይ ወደታች 2 ነጥብ» ይልሃል። ያው የተሳሳተ ቁጥር ዙሪያ አጥሩን እያጠበበው ይሄዳል። በዕጣ ሲሆን ብዛት ያግዛል። እንዲህ ሲሆን ግን የተሳሳትከውን በልበ ሙሉነት እንድትናገር ያደርግሃል።

ከቨርጂኒያ

እዚህ አሜሪካ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል መጽሔት ስለ ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ 10 ሚሊዮን ገደማ የመጠየቂያ ካርድ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመልሶ መጣለት። ላንደን 57 በመቶ ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ወደ 61 በመቶ አግኝቶ ጠራርጎ ወሰደው። ጋሉፕ ደግሞ ከዚያ እጅግ ባነሰ ሰው ሩዝቬልት ያሸንፋል ብሎ ነበር። ዳጊ፣ 2 ሚሊዮን ያላዳነውን 1,200 አያድነውም።

ምክንያቱ አድራሻ የወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ስለነበር ነው። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን ነው? ሀብታሙ።

የቁጥር_ሰው

@ከቨርጂኒያ ግማሹ እሱ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ካርዱ ደርሷቸው ያልመለሱት ናቸው። ከአራት ሦስቱ ገደማ አልመለሱም። መልሰው የላኩት ደግሞ ካልላኩት ይልቅ ወደ ላንደን ያዘነበሉ ነበሩ። የትኛው ግማሽ ይበልጥ ጎዳ የሚለው ላይ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። የነቤቲ ጉዳይ ሁለተኛውን ይመስላል፤ ሊንኩ ለብዙ ሰው ደርሷል፣ የሞላው ጥቂት ነው።

ጂሲ_ነኝ

እንዲህ ማካበድ ምን ያስፈልጋል? መፍትሔ አለው። እኔ ለመመረቂያዬ ሠርቼዋለሁ። ሬጅስትራር ሄዳችሁ የወንድና የሴት፣ የየባቹን ብዛት ውሰዱ። ከሞሉት ውስጥ ፍሬሽማን በዝቶ ከሆነ የያንዳንዱን ፍሬሽ ክብደት ቀንሱ፣ የጎደለውን ባች ክብደት ጨምሩ። በቃ፣ ከግቢው ጋር ተመጣጠነ።

ቤቲ_ብሎክ12

ይህን ትናንት ማታ ሞክረነው ነበር! ከሞሉት ውስጥ ግማሹ ፍሬሽማን ናቸው፣ ግቢው ውስጥ ግን ሩብ ገደማ ቢሆኑ ነው። ክብደት ስንሰጥ 80ው ወደ 77 ወረደ። ዳጊ «አየሽ፣ ሦስት ነጥብ ብቻ ነው የሳትነው» ብሎ ጨፈረ።

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የሞሉት ፍሬሾች ራሳቸው የተናደዱት ፍሬሾች ከሆኑስ?

የቁጥር_ሰው

ጂሲ ያለው ሥራ ትክክለኛ ሥራ ነው፣ ትላልቅ ጥናቶችም ያደርጉታል። የሚሠራው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። በአንድ ባች ውስጥ የሞላውና ያልሞላው በካፌው ጉዳይ ተመሳሳይ መሆን አለባቸው። ቤቲ የጠየቀችው እሱኑ ነው። ሰውን ፎርም ያስሞላው ባቹ ሳይሆን ንዴቱ ከሆነ፣ በባች ክብደት መስጠት ንዴቱን አያርመውም። በንዴት እንዳትመዝኑ ደግሞ ሬጅስትራር የተናደደ ተማሪ መዝገብ የለውም።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፎርሙ እያንዳንዱ ምላሽ የገባበትን ሰዓት ይመዘግባል። የመጀመሪያውን ቀንና የመጨረሻዎቹን ቀናት ለይታችሁ አይታችኋል?

ኮንዶ_ኮሚቴ

ይህ ነገር የኛን ሕንፃ አስታወሰኝ። የጥበቃ ክፍያ ይጨመር ብለን ስብሰባ ጠራን። 30 ሰው መጣ፣ 28ቱ እጃቸውን አወጡ። «በሙሉ ድምፅ ማለት ይቻላል» ብለን ቃለ ጉባዔ ጻፍን። ወሩ ሲደርስ ከ96 ቤት ከግማሽ በታች ከፈለ። ስብሰባ የመጣው መኪናው ግቢ የሚያድረው ሰው ነበር ለካ። መኪና የሌለው ምን ሊሠራ ይመጣል? ኮሚቴውን ለቅቄያለሁ።

ቤቲ_ብሎክ12

@የቁጥር_ሰው ለየነው። እኔ ነኝ የቆጠርኩት፣ ዳጊ ደግሞ ደግሞ ቆጠረው፣ አላመነኝም።

የመጀመሪያው ቀን 300 ሰው ሞልቷል። 264ቱ አልረኩም፣ 88 በመቶ። በቀሩት ሦስት ቀናት፣ እኛ «እባካችሁ ሙሉልን» እያልን ስንለማመጥ፣ ሌላ 300 መጣ። ከነዚህ 216ቱ አልረኩም፣ 72 በመቶ።

ልመናው በበዛ ቁጥር ቁጥሩ ወረደ። ዳጊ ዝም ብሏል።

ዳጊ_የቤቲ_ተከራካሪ

ዝም አላልኩም፣ እያሰብኩ ነው። ለምነነው የመጣው ሰው ካልሞላው ሰው ጋር ይቀራረባል ማለት ነው? እንግዲያው 9,400ው ከ72 በታች ናቸው?

የቁጥር_ሰው

ከዚያ በታች ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ መጠርጠር ይቻላል፣ ማረጋገጥ ግን አይቻልም። በልመና የሞላው ሰውም እኮ በመጨረሻ ሞልቷል። ጨርሶ የማይሞላው ሌላ ፍጥረት ሊሆን ይችላል። ግሩፑን ድምፅ አልባ አድርጎ የረሳው ተማሪ እያነበበ የተወው ላይሆን ይችላል። ቁልቁለቱ ችግር እንዳለ ይነግርሃል፣ መጠኑን ግን አይነግርህም። ቁልቁለት ባይኖር ኖሮም «እንግዲያው ደህና ነው» ማለት አትችልም ነበር።

ኖን_ካፌ

ሁላችሁም እኔን ረሳችሁኝ። ምግቡ አልስማማ ብሎኝ ነው ኖን ካፌ የሆንኩት፣ ሁለት ዓመቴ። ሊንኩን አይቻለሁ። «በካፌው ምግብ ረክተሃል?» ይላል። አልበላም እኮ፣ ምን ብዬ ልሙላ? አለፍኩት። ከሁሉ በላይ ያልረካ ሰው ካለ ግን እኔ ነኝ።

ቤቲ_ብሎክ12

ኧረ ጉድ። ይህ ደግሞ በተቃራኒው የሚጎትት ነው። በጣም ያልረኩት ካፌውን ጥለው ወጥተዋል፣ ስለዚህ አልሞሉም። ያኔ እውነቱ ከ80 በላይም ሊሆን ይችላል?

የቁጥር_ሰው

ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው «የተናደደ ስለሚሞላ ሁልጊዜ ቁጥሩ የተጋነነ ነው» ማለትም የማያዋጣው። ወዴት እንዳዘነበለ ራሱ አይታወቅም።

ኖን ካፌን በተመለከተ መጀመሪያ መወሰን ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። የምትናገሩት ስለ ካፌ ተጠቃሚ ነው ወይስ ስለ ተማሪ ሁሉ? ይህ የሒሳብ ጥያቄ አይደለም።

ዳጊ_የቤቲ_ተከራካሪ

እሺ። እኔና ቤቲ ዛሬ ላይብረሪ ጀርባ ቁጭ ብለን አንድ ነገር አሰላን። ትክክል መሆኑን ንገሩን።

ቤቲ፦ ያልሞሉት 9,400ዎች በሙሉ ረክተዋል እንበል። ያልረካው ስንት ነው?
እኔ፦ 480 ከ10,000። 4.8 በመቶ።
ቤቲ፦ አሁን 9,400ዎቹ በሙሉ አልረኩም እንበል።
እኔ፦ 9,880። 98.8 በመቶ።
ቤቲ፦ እንግዲህ ከፋይላችን ብቻ ተነስተን በእርግጠኝነት የምንለው፣ ያልረካው ከ5 በመቶ ትንሽ ዝቅ ብሎ እስከ 99 በመቶ ገደማ ነው።
እኔ፦ ይህን ለማወቅ ፎርም አያስፈልግም ነበር።
ቤቲ፦ አዎ።

ተሸንፌያለሁ። ግን በዕጣ ብናወጣስ? በዕጣ የወጣም ሰው እምቢ ሊል ይችላል። ያው ተመለስን ማለት አይደለም?

የቁጥር_ሰው

ስሌታችሁ ልክ ነው፣ ጥያቄህም ጥሩ ነው። ያንኑ ስሌት በዕጣው ላይ ሥራው።

ከሬጅስትራር ዝርዝር 200 ሰው በዕጣ አወጣችሁ እንበል። ሊንክ አትልኩም፣ ዶርማቸው ድረስ ትሄዳላችሁ። 150ው መለሱ፣ 75ቱ አልረኩም። ያላገኛችኋቸው 50 በሙሉ ረክተው ከሆነ 75 ከ200፣ 37.5 በመቶ። በሙሉ ካልረኩ 125 ከ200፣ 62.5 በመቶ። በዚህ ላይ የዕጣው የራሱ ስህተት አለ፤ ለ200 ሰው ወደላይ ወደታች 7 ነጥብ ገደማ። ሰፊ ነው፣ ግን ከ5 እስከ 99 አይደለም። 180 ካገኛችሁ ደግሞ ይበልጥ ይጠባል። ስለዚህ ድካማችሁን አዲስ ሰው በመጨመር ላይ አታፍስሱት። ዕጣ የወጣለትን ያንኑ ሰው ሦስቴ አራቴ ፈልጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የወጣው ልጅ ዶርሙ ከሌለ አልጋ ጎረቤቱን ጠይቃችሁ እንዳትመለሱ። መረጃ ሰብሳቢ ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሁሌ ዶርም የሚገኝ ተማሪና ሁሌ የማይገኝ ተማሪ ካፌውን በአንድ ዓይን አያዩትም።

ጂሲ_ነኝ

በሰላም ተመረቅኩ እንጂ እናንተ ግቢ ብሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ግን ሬጅስትራር ለተማሪ ስም ዝርዝር ይሰጣል? እኔን ሦስት ቀን አመላልሰው ብዛቱን ብቻ ነው የነገሩኝ።

ቤቲ_ብሎክ12

ስም አልሰጡንም። የዲፓርትመንቱን ደብዳቤ ይዘን ሄደን የአይዲ ቁጥር ብቻ ሰጡን። ስሙንና ዶርሙን ለማግኘት የየብሎኩን ፕሮክተር እየለመንን ነው።

በጎ_ልብ

ይቅርታ፣ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ዶርም ድረስ መጥታችሁ ፊት ለፊት ስትጠይቁኝ፣ በአይዲ ቁጥሬ እንደወጣሁ እያወቅኩ፣ «ካፌው አይረባም» ለማለት ልፈራ አልችልም? በሊንክ ግን ማንም አያውቀኝም።

የቁጥር_ሰው

ትችላለህ። ይህን ዕጣ አይፈታውም። መልሱን በወረቀት ሞልቶ በፖስታ አሽጎ መስጠት ይረዳል። በእናንተ ግቢ ምን ያህል እንደሚረዳ ግን ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም።

ከቨርጂኒያ

የመጀመሪያው 600 ታዲያ ይጣላል?

ቤቲ_ብሎክ12

አይጣልም። መጨረሻ ላይ «ሌላ የሚሉት ካለ» የሚል ባዶ ቦታ ነበረን። እዚያ ላይ ድንጋይ፣ የውሃ መቆራረጥ፣ የሰልፉ ርዝመት፣ የጾም ቀን ወጥ ማለቁ ተጽፏል። ስለ ጾሙ እኛ ጨርሶ አላሰብንም ነበር። ለዕጣው የምንጠይቀውን የቀዳነው ከዚያ ነው። ከመቶ ስንት ሰው እንደሚቸገር አይነግረንም፣ ችግሩ መኖሩን ግን ነግሮናል።

ዳጊ_የቤቲ_ተከራካሪ

እኔ «ቢያንስ 480 ተማሪ አልረካም» ብለን እንጻፍ ብዬ ነበር። ይህቺ እንኳን እውነት ናት አይደል? ቤቲ ፎርሙን ከፍታ `Limit to 1 response` የሚለውን እንዳላበራሁት አሳየችኝ። ጥርሱን ያመመው ልጅ ስንቴ እንደሞላ ጠየቅኩት። «ሦስት» አለኝ፣ ያለምንም እፍረት።

ስለዚህ «480 ምላሽ» ብለናል።

ዛሬ የዕጣው የመጀመሪያ ቀን ነበር። 40 አይዲ ይዘን ወጣን፣ 27 አገኘን። ስድስቱ ዶርም አልነበሩም። አራቱ ብሎክ ቀይረዋል፣ ፕሮክተሩ ወዴት እንደሄዱ አያውቅም። ሁለቱ እምቢ አሉ። አንደኛዋ ታማ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳለች። አምና ዊዝድሮው ያደረገ ልጅ ዝርዝሩ ላይ ቢኖር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው እየተጨቃጨቅን ስለሆነ፣ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን።